ከመቶ ሺ በላይ ሲባል መቶ ሺ ራሱ አለበት ወይስ የለበትም? በማታ ፈረቃ የጻፍኳት አንዲት ምልክት

የጨሞጋው ልጅ

እንዴት አመሻችሁ። ይሄን ታሪክ ብዙ ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ፣ ዛሬ ግን እስከመጨረሻው ልጻፈው። ባንኩን አልጠራም፣ አብረውኝ የነበሩትንም አልጠራም፣ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ የነሱ ስም ምንም አያደርግላችሁም።

ያኔ ቡድናችን አዲስ አበባ ነበር፣ እኔ ግን እናቴን ለማስታመም ደብረ ማርቆስ ስለተመለስኩ የማታውን ፈረቃ እዚሁ ካለ የባንኩ ቢሮ ሆኜ እንድሠራ ፈቀዱልኝ። ማታ 3 ሰዓት እገባለሁ ንጋት 12 ሰዓት እወጣለሁ። ሥራው ቅርንጫፎች ከዘጉ በኋላ የሚሮጠውን የቀን መዝጊያ ባች መጠበቅ ነው፤ ወለድ የሚታሰበው፣ ጊዜው የደረሰ ተቀማጭ የሚዘጋው፣ የነገው ቀን የሚከፈተው እሱ ላይ ነው። ከቆመ ጠዋት ቅርንጫፍ አይከፈትም። የማርቆስን የታኅሣሥ ብርድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ጋቢ ደርቤ ጄኔሬተሩ ድምፁ ሲለወጥ እየደነገጥኩ ነበር የማድረው።

ታኅሣሥ 2011 ላይ ባንኩ በጊዜ ገደብ ለሚቀመጥ ገንዘብ አዲስ ወለድ አወጣ። ድሮ ለሁሉም 7 ፐርሰንት ነበር፣ ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ማለት ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ግን ብዙ ላስቀመጠ 9 ይሁን ተባለ። ለውጡ በዚያው ሳምንት መግባት ነበረበትና ከሌሊቱ 5 ሰዓት አካባቢ ከፕሮዳክት ክፍል ተደወለልኝ፣ ሰውየው በስልክ ያለኝ ቃል በቃል "ከመቶ ሺ በላይ ከሆነ ዘጠኝ አርግልን" ነው። እኔም ቃል በቃል ጻፍኩት።

```
if (principal > 100000)
    rate = 0.09;
else
    rate = 0.07;
```

ሞከርኩት። በ50,000 ሞከርኩ 7 አመጣ፣ በ99,000 ሞከርኩ 7 አመጣ፣ በ150,000 ሞከርኩ 9 አመጣ። ልክ ነው ብዬ አስገባሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ደብዳቤው በኢሜል መጣ፣ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው "ብር 100,000 እና ከዚያ በላይ" ነው። ከፍቼ አየሁት፣ መቶ ሺ የሚለውን አየሁ፣ ዘጠኝ የሚለውን አየሁ፣ ዘጋሁት። "እና" የምትለዋን ግን አላየኋትም።

ከዚያ ስድስት ወር ሙሉ ምንም ድምፅ የለም። ባች አልቆመም፣ ሎግ ላይ ቀይ የለም፣ ሂሳቡ በየማታው እየተመጣጠነ ያድራል፣ ሰኔ 23 የዓመት መዝጊያም አለፈ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ፍኖተ ሰላም ቅርንጫፍ ያለች ኦፊሰር በኢሜል አንድ ፎቶ ላከች። የደንበኛ ደብተር ነው፣ የባንኩ አይደለም፣ ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር። በርበሬ ሸጠው መቶ ሺ ብር ያስቀመጡ አዛውንት ናቸው፣ ወለዱ በየወሩ ወደ ቁጠባ ሂሳባቸው ይገባላቸዋል። ቄስ ትምህርት ቤት ያደጉ ስለሆነ በግዕዝ ቁጥር ነው የሚጽፉት፣ ሳንቲሙን ይተዉታል። በግራ በኩል የራሳቸው ፭፻፸፭፣ በቀኝ በኩል በዚያው ቀን 101 ሺ ያስቀመጡት የሚስታቸው ወንድም ፯፻፵፯፣ መሀል ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ፻፸፪። ከሥሩ በእርሳስ "አንድ ሺ ብር በወር ፻፸፪ ይወልዳልን" ብለው ጽፈዋል።

ያንን ሳነብ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ወዲያው አልገባኝም። ካልኩሌተር አወጣሁ፣ 101,000 ሲባዛ በ9 ፐርሰንት ሲባዛ በ30 ሲካፈል ለ365፣ 747.12 ወጣ፣ ልክ ነው። 100,000 በ9 ፐርሰንት 739.73 መሆን አለበት። እሳቸው የደረሳቸው 575.34 ነው። ያ ደግሞ የ7 ፐርሰንቱ ነው። ኮዱን ስከፍት ምልክቷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ አጠገቧ አንዲት የእኩል ምልክት ብቻ ጎድላ። እጄ ቀዘቀዘ፣ ከብርዱ አልነበረም።

ሰውየው በየወሩ 164.39 ብር እየቀረባቸው ነበር። ለናንተ ትንሽ ሊመስል ይችላል፣ የእሳቸውን በርበሬ ከችግኝ እስከ መድረቂያው ያየ ሰው ግን ትንሽ አይለውም።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ እንዲህ ያለውን ስህተት ከደንበኛ ደብተር በፊት የሚይዝ ምን ታረጋላችሁ? ሁለተኛ ደግሞ "በላይ" የሚለውን ቃል እንዴት ነው የምትረዱት፣ ምክንያቱም እስከዛሬ ሰው በጠየቅኩ ቁጥር የተለያየ መልስ ነው የማገኘው።

ጣና ዳር

ወንድሜ ይሄማ የታወቀ ነገር ነው፣ ለገንዘብ ደብል መጠቀም አይቻልም እኮ፣ ደሲማል ነው መጠቀም ያለብህ። ደብል ሲሆን መቶ ሺው 99,999.9999 ምናምን ሆኖ ይቀመጥና ከመስመሩ በታች ይወድቃል። ያንተም ችግር እሱ ነው የሚሆነው፣ ታይፑን ቀይረው።

የጨሞጋው ልጅ

ያልከው ችግር አለ፣ ግን ይሄ እሱ አይደለም። 100000 ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ደብል ውስጥም ሳይሸራረፍ ልክ መቶ ሺ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። የኛ ደግሞ ዱሮም ደሲማል ነበር። ከ100,000 ጋር ሲወዳደር እኩል ነው፣ እኩል ስለሆነ ነው ያልበለጠው። ታይፑን ብቀይረው ኖሮ ስህተቱ እንዳለ ሆኖ ያስተካከልኩ ይመስለኝ ነበር።

የድሮው ሒሳብ ሹም

ልጄ ታሪክህን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ ባንክ ውስጥ በእጅ ሌጀር ጀምሬ ኮምፒውተር ላይ ነው የጨረስኩት፣ ስለ ኮዱ ሳይሆን ስለ ሂሳቡ ልንገርህ።

"ሂሳቡ በየማታው እየተመጣጠነ ያድራል" ያልከው ላይ ነው ጉዳዩ ያለው። ማታ ወለድ ሲታሰብ ሲስተሙ የሚያደርገው አንድ ቁጥር አውጥቶ በአንድ በኩል የወለድ ወጪ ላይ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ለደንበኛ የሚከፈል ወለድ ላይ መጻፍ ነው። ያው ቁጥር ነው ሁለት ቦታ የሚጻፈው። ቁጥሩ የተሳሳተ ከሆነ ሁለቱም ጋ እኩል ተሳስቶ ይገባል፣ ስለዚህ ዴቢትና ክሬዲቱ ሁሌም ይገጥማል። ማመጣጠን የሚይዘው አንድ ጎን ጠፍቶ ሌላው ሲቀር ነው እንጂ ከምንጩ የተሳሳተን አይደለም። ባች አልቆመም ብለህ ልብህ ያረፈው በማይመለከተው ነገር ነው፣ በዚህ ግን ብቻህን አይደለህም፣ እኛም በእጅ ስንሠራ እንዲሁ ነበርን።

የሚይዘው ከሲስተሙ ውጭ የሚሠራ ስሌት ነው። እኛ ወር ሲያልቅ አንድ ሰው ከወለድ ክፍል ያልሆነ፣ መመሪያውን ራሱ ከፍቶ አንብቦ፣ የየደረጃውን ዋና ገንዘብ ደምሮ በወለዱ አባዝቶ ከሲስተሙ ድምር ጋር ያስተያይ ነበር። ዋናው ነገር ያ ሰው ከኮዱ ሳይሆን ከደብዳቤው መነሳቱ ነው። ከኮዱ ከተነሳማ ያንኑ ስህተት ነው የሚደግመው። ደብዳቤው "እና ከዚያ በላይ" ስለሚል መቶ ሺዎቹን ከዘጠኙ ጋር ይደምር ነበር፣ በመጀመሪያው ወር መዝጊያ ላይ ልዩነቱ ፊቱ ይመጣ ነበር።

የቡሬዋ

እኔም ወለዴ ትክክል አይደለም ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። አንዱ ወር 594 ሌላው ወር 536 ይሰጡኛል፣ ብሩ ግን አልተነካም ያው ነው። ጳጉሜን ላይ ደግሞ ጭራሽ ወለድ አይሰጡም፣ አስራ ሦስተኛ ወር አይደለም እንዴ? የኔም የዚሁ ኮድ ችግር ይሆን እንዴ ንገሩኝ።

የጨሞጋው ልጅ

እህቴ ያንቺ ሌላ ነው። ባንክ የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ስለሆነ ቀኑ 31 ሲሆን ይጨምራል፣ ፌብሩዋሪ 28 ሲሆን ይቀንሳል። ያልሽው ቁጥር መቶ ሺ ብር በ7 ፐርሰንት ለ31 ቀን 594.52፣ ለ28 ቀን 536.99 ነው፣ በትክክል ይገጥማል። ጳጉሜንም አልጠፋችም፣ ሴፕቴምበር ውስጥ ከነቀኖቿ ተቆጥራ ነው የምትመጣው።

ግን ቆይ፣ ብርሽ በጊዜ ገደብ ነው የተቀመጠው? ልክ መቶ ሺ ነው? ባንኩ ለመቶ ሺ ስንት እንደሚከፍል ውሉ ላይ እዪው እስኪ። አያም (የደብተሩ ባለቤት) መጀመሪያ የጠየቁት በፌብሩዋሪ ነበር አሉ፣ ቴለሩ ይሄንኑ የቀን ብዛት ነግሯቸው መለሳቸው። ቀኑ እውነት ስለሆነ መልሱ አሳማኝ ነበር፣ ከሥሩ ያለውን ሌላ ጉድለት ሸፈነው።

ዳንግላ ሰባት

የኔ ተቃራኒው ነው የደረሰብኝ። ከአንድ አበዳሪ ተቋም ለወፍጮ ተበድሬ በየወሩ በቀጠሮው ቀን እከፍላለሁ፣ በቀጠሮው ቀን ነው የምላችሁ ከሱ አላሳልፍም። ሆኖም በየወሩ ቅጣት ይጽፉብኛል። ብዬ ብዬ አንድ ልጅ ከፍቶ ሲያየው ለካ ሲስተሙ ቀኑ ከቀጠሮው "እኩል ወይም የበለጠ" ከሆነ ዘግይቷል ይላል። ባቹ የሚሮጠው ማታ ነው፣ የኔ ብር ደግሞ የሚመዘገበው በማግስቱ ነው፣ ስለዚህ በቀጠሮዬ ቀን ማታ ቀጪው ይመጣል። አንተ ጋ የጎደለችው እኩል እኔ ጋ ያለ ቦታዋ ገብታ ተቀምጣለች ማለት ነው። የተቀጣሁትን ሁሉ ግን አልመለሱልኝም፣ የመጨረሻውን ሦስት ወር ብቻ ነው የመለሱት።

ሞጣ ማዶ

ግብር ነው እኮ የተቆረጠባቸው ሰዎች! ከወለድ ላይ ግብር እንደሚቆረጥ ረሳችሁት እንዴ። ገበሬ ስለማይነገረው ነው ጎደለብኝ የሚለው።

የጨሞጋው ልጅ

ግብር መቆረጡ እውነት ነው፣ የነገርኳችሁ ቁጥር ግን ከግብር በፊት ያለው ነው። ግብር ቢሆን ደግሞ ከአማቻቸውም በዚያው ፐርሰንት ይቆረጥ ነበር። የሁለቱ ሰዎች ዋና ገንዘብ ልዩነት አንድ ፐርሰንት ብቻ ሆኖ ወለዱ በሠላሳ ፐርሰንት ገደማ ሲለያይ ግብር አያስረዳውም።

ደጋ ዳሞት

እኔ ቴስተር ነኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለምንድነው ስድስት ወር የቆየው? ወለዱ ዋናው ላይ ቢደመር ኖሮ እኮ በሁለተኛው ወር 100,575 ሆኖ ራሱ ከመስመሩ ያልፍ ነበር።

የጨሞጋው ልጅ

አንተ ገባህ። እኔን ለሁለት ቀን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ወለዱ ዋናው ላይ እንዲደመርላቸው የመረጡት ሰዎች የመጀመሪያው ወር ላይ ብቻ ጎደለባቸው፣ ከዚያ ብራቸው መቶ ሺን አለፈና 9 ፐርሰንት መታሰብ ጀመረላቸው። ስህተቱ እዚያ ጋ ራሱን በራሱ አጠፋ፣ ዛሬ ብታየው ሁሉም 9 ነው የሚያገኙት። ወለዳቸው ወደ ሌላ ሂሳብ የሚወጣላቸው ግን ዋናው ሁሌም ልክ መቶ ሺ ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ በየማታው ከመስመሩ ሥር ይወድቃሉ። ወለዱን በየወሩ የሚያወጡት እነማን ናቸው ብትለኝ በወለዱ የሚኖሩት ናቸው፣ ለልጅ የቤት ኪራይ፣ ለጨው ለዘይት የሚያደርጉት። ስለዚህ ቶሎ የዳኑት ገንዘቡን የማይፈልጉት ናቸው፣ እስከመጨረሻው የተጎዱት የሚፈልጉት ናቸው።

ሌላው ደግሞ 7 ፐርሰንት ማንንም አያስደነግጥም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ካነሳው ወዲህ ቁጥሩ የታወቀ ነው፣ ስቴትመንት ላይ 7 ያየ ሰው ያው የሁሉም ነው ብሎ ያልፋል። ስሳሳት 0.7 ብዬ ብሳሳት ኖሮ በማግስቱ ነበር የሚጮኸው።

ደጋ ዳሞት

እንደዛ ከሆነ 99,000 እና 150,000 ብለህ መፈተንህ ላይ ነው የምመጣብህ፣ ሳልደብቅህ ልናገር። መስመሩ መቶ ሺ ላይ ከሆነ የሚፈተነው ሦስት ቁጥር ነው፣ 99,999.99፣ ልክ 100,000፣ ከዚያ 100,000.01። ሁለቱ ዳርና ዳር ምንም አይነግሩህም፣ ያኔ የጻፍከውም ትክክለኛውም ኮድ እነሱ ላይ ያው መልስ ነው የሚሰጡት። ሁለቱ ኮዶች የሚለያዩት በአንዲት ቁጥር ላይ ብቻ ነው፣ እሷን ካልሞከርክ አልሞከርክም።

እኔ ሌላም የማደርገው አለ። ፈተና ከመጻፌ በፊት ሰው በእውነት ስንት ስንት ብር እንደሚያስቀምጥ ከዳታው አየዋለሁ።

```
SELECT principal, COUNT(*)
FROM td_account
GROUP BY principal
ORDER BY COUNT(*) DESC;
```

እንዲህ ብትጠይቀው ከላይ የሚመጣልህ 50,000፣ 100,000፣ 200,000 ነው፣ 103,427.50 ከላይ አይመጣም። ሰው ብር ሲያስቀምጥ ሞልቶ ነው የሚያስቀምጠው። ባንክ መስመሩን የሚያሰምረውም ሙሉ ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ "ልክ እኩል የሚሆነው ስንት ሰው ነው፣ ይተው" የሚባለው ወለድ ላይ አይሠራም፣ ሰዉ የተሰበሰበው እዚያው መስመሩ ላይ ነው።

የጨሞጋው ልጅ

ልክ ነህ፣ የምመልሰው የለኝም። ያንን ጥያቄ ያኔ ሌሊት አስኪጄው ነበር፣ ዝርዝሩ ላይ መቶ ሺ ሁለተኛ ሆኖ መጣ። በዚያን ቀን ክፍት የነበሩት ብቻ 41 ሂሳብ።

ግን እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ልሠራ ነበር። 41ዱን አይቼ እነሱን ከፍለን እንጨርስ ብዬ ነበር። ያ የዛሬ ፎቶ ነው፣ ስህተቱ ግን የስድስት ወር ነው። በመሀል የዘጉ አሉ፣ ወለዱ ተደምሮላቸው አሁን 100,000 ያልሆኑ አሉ፣ ሌላ ጨምረው 120 ያደረሱ አሉ። ስለዚህ የየቀኑን የማታ ሂሳብ ታሪክ አውጥተን ከታኅሣሥ 23 እስከ ሰኔ 23 ባለው በእያንዳንዱ ማታ ልክ መቶ ሺ የነበረ ሂሳብ የትኛው ነው ብለን ቀን በቀን ቆጠርን። ለአያ 181 ማታ መጣ፣ ጉድለታቸው 2 ፐርሰንት ሲባዛ በ181 ሲካፈል ለ365 ነው፣ 991.78 ብር። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ማታዎች ማስተካከያው እስከገባ ድረስ በላዩ ተደመሩ።

የድሮውን ባች መልሰን አላስኬድነውም። ሐሳቡ መጥቶ ነበር፣ ግን ያለፈን ማታ መልሰህ ስታስኬድ የተከፈለው ወለድ እንደገና ይከፈላል፣ የተዘጋ ወር ይከፈታል፣ የታተመ ስቴትመንት ከሲስተሙ ጋር አይገጥምም። ልዩነቱን ብቻ ለየብቻ አስልተን "የወለድ ማስተካከያ" ተብሎ በሐምሌ ቀን ገባ። ኮዱ ላይ የተቀየረው አንዲት ፊደል ናት።

```
if (principal >= 100000)
```

አባ ዓይናማ

እኔ ኮድ አላውቅም የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፣ ስለ "በላይ" ስለጠየቅክ ነው የገባሁት። ቃሉ ራሱ አሻሚ አይደለም፣ ከጣራ በላይ ማለት ጣራውን አይጨምርም። አፍ ላይ ግን ሰው እንደዚያ አይናገረውም። "ከመቶ ሰው በላይ መጣ" ሲልህ መቶውን ቆጥሮ ጨርሶ ማለቱ ነው፣ መቶ አንደኛውን ፈልጎ አይደለም። "እስከ" ደግሞ ይብሳል፣ እስከ ዓርብ ና ስልህ ዓርብ ትመጣለህ አትመጣም? ለዚህ ነው የሕግ አማርኛ "ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው" የሚለው። "የሞላ" ሲባል ክርክር የለም፣ አሥራ ስምንቱ ውስጥ አለ። "ጀምሮ" ም እንደዚያው ነው። ስልክ ላይ ያለህ ሰውዬ "መቶ ሺ ከሞላ ዘጠኝ" ቢልህ ኖሮ ሳትጠይቀው በትክክል ትጽፈው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የጨሞጋው ልጅ

የኔታ እግዜር ይስጥልኝ። "የሞላ" የሚለውን አላሰብኩትም ነበር። አሁን ሰው በስልክ "በላይ" ካለኝ "ልክ መቶ ሺ ያለው ሰው ስንት ያገኛል?" ብዬ ነው የምጠይቀው፣ መልሱንም በጽሑፍ እንዲልክልኝ። ከሚገርመኝ ነገር አንዱ ብዙ ጊዜ ጠያቂው ራሱ ቆም ብሎ "እሱንስ ልጠይቅልህ" የሚል መሆኑ ነው።

ጣና ዳር

እሺ የኔ ደብል ቀርቷል፣ ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር፣ ዋናው ገንዘብ ሲደማመር የቆየ ቢሆን ኖሮ፣ ማለት በደብል 0.1 እና 0.2 እየደመርክ የመጣህ ቢሆን፣ የእኩል ምልክቷን ብትጨምራትም ላታድንህ ትችላለች። ለሱ ነው ያነሳሁት።

የጨሞጋው ልጅ

በዚያ ሁኔታ እውነት ነው፣ እስማማለሁ። ደሲማል ስለነበር ነው የኛ ያልሆነው።

የድሮው ሒሳብ ሹም

አንድ ያልመለስከው አለ። ለአያ የመለሳችሁት 991.78 ነው። ይሄ ብር በየወሩ ወደ ቁጠባቸው መግባት የነበረበት ነው፣ ቁጠባው ደግሞ ራሱ 7 ፐርሰንት ይወልዳል። የጃንዋሪው ጉድለት በጊዜው ቢገባ እስከ ሐምሌ ይወልድ ነበር። እሱንስ ከፈላችሁ? ብሩ ትንሽ ነው፣ ጥቂት ብር ቢሆን ነው፣ ግን የተያዘ የሰው ገንዘብ ነው።

የጨሞጋው ልጅ

አልተከፈለም ጋሼ። እኔ ጽፌ ጠይቄ ነበር። የፋይናንስ ሰዎች ሰውየው ብሩ ቢገባላቸው በዚያው ቀን አውጥተውት ይሆናል፣ ስለዚህ ይወልድ ነበር ማለት አንችልም አሉ። እኔ ደግሞ ያወጡት አያወጡት የነበረው ምርጫ የእሳቸው ነው አልኩ። እስከለቀቅኩ ድረስ አልተቋጨም።

ዳንግላ ሰባት

የዘጉትስ ሰዎች? እነሱ እኮ አያውቁም።

የጨሞጋው ልጅ

በመሀል የዘጉት ዘጠኝ ነበሩ። ሰባቱ እዚያው ባንክ ሌላ ሂሳብ ስለነበራቸው እሱ ላይ ገባላቸው። አንዷ በስልክ ተገኙ፣ ከቢቸና መጥተው ወሰዱ። አንዱ ስልካቸው አይሠራም፣ ብሩ የሚከፈል ተብሎ ተይዞ ቀርቷል። ለቅርንጫፉ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ፣ ሰፈራቸው ሰው ተልኮም ነበር፣ ወደ መተከል ሄደዋል ነው የተባለው።

የቡሬዋ

ወንድሜ ውሉን አየሁት። በጊዜ ገደብ ነው፣ ልክ መቶ ሺ። ውሉ ላይ "ከ100,000 ብር በላይ 9%" ይላል፣ እኔ ሰባት ነው የሚገባልኝ። "እና" የሚል የለውም፣ "የሞላ"ም አይልም። ይሄ እንዴት ነው እንግዲህ፣ ትክክል ነው ወይስ አይደለም?

የድሮው ሒሳብ ሹም

ልጄ ነገ ጠዋት ውሉን ይዘሽ ሂጂና ባንኩ ቅርንጫፍ ላይ የለጠፈውን የወለድ ሰሌዳ አብረሽ ፎቶ አንሺ። እዚያ ላይ "100,000 እና ከዚያ በላይ" የሚል ካለ ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ የደረሰበትን ቀን አስጽፈሽ ቅጂውን ያዢ። ሰሌዳውም "በላይ" ብቻ ካለ ግን እኔም እርግጠኛ ሆኜ የምነግርሽ የለኝም።

የቡሬዋ

እሺ ጋሼ። ነገ ገበያ ነው፣ ከገበያ መልስ እሄዳለሁ። ፎቶውን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።